ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው ቀሪ ኪሎ ሜትር ከየት ይመጣል? የደሴና የከሚሴ መንገድ እንደ ማሳያ

(ደሴ ላይ ለአሽከርካሪዎችና ለመኪና ባለቤቶች ከቀረበ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ? በዚህ ብርድ ከቤታችሁ ወጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በደሴና በኮምቦልቻ ጎዳናዎችም እየተለመደ ነው። ከባለቤቶቹ ጋር ስንጨዋወት ደጋግሜ የምሰማው ቅሬታ አንድ ነው፤ «መኪናው ይዋሻል» ይላሉ። ከደሴ ሲወርዱ የቀሪ ርቀቱ ቁጥር በመቀነስ ፋንታ ይጨምራል፤ ሲመለሱ ግን አንድ ኪሎ ሜትር በነዱ ቁጥር ሁለትም ሦስትም ይቀንሳል። ባለቤቱ ባትሪው የተበላሸ ይመስለውና ወደ ጋራዥ ይሄዳል። እዚያም ምንም ጉድለት አይገኝም፣ ምክንያቱም መኪናው የሠራው የተነገረውን ስሌት ብቻ ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ያ ስሌት እንዴት እንደሚሠራና የእኛ መንገድ ለምን እንደሚያሳስተው ነው።

ስሌቱ ማካፈል ብቻ ነው። መኪናው በባትሪው ውስጥ የቀረውን ኃይል ይወስድና ለአንድ ኪሎ ሜትር ያስፈልገኛል ብሎ ለሚገምተው ኃይል ያካፍለዋል። 20 ኪሎዋት ሰዓት ቢቀረውና በ100 ኪሎ ሜትር 14 ኪሎዋት ሰዓት እበላለሁ ብሎ ቢገምት፣ ዳሽቦርዱ ላይ 143 ኪሎ ሜትር ይጽፋል። ኪሎዋት ሰዓት ማለት ቤታችን ያለው የመብራት ቆጣሪ የሚቆጥረው ያው መለኪያ ነው። እንግዲህ ስህተት የሚገባው በሁለት በር ነው፤ ወይ የቀረው ኃይል በትክክል አልታወቀም፣ ወይ የፍጆታው ግምት ከፊታችን ላለው መንገድ አይሆንም።

ከመጀመሪያው በር ልጀምር። ነዳጅ በጋን ውስጥ ስላለ ከፍታው ይለካል። በባትሪ ውስጥ ያለውን ኃይል ግን በቀጥታ የሚለካ መሣሪያ የለም። መኪናው የሚያደርገው ከባትሪው የሚወጣውንና የሚገባውን የኤሌክትሪክ ፍሰት በየቅጽበቱ እየለካ መደመርና መቀነስ ነው። ይህ ሒሳብ ለጥቂት ሰዓት በጣም ትክክል ነው። ነገር ግን በመለኪያው ላይ ያለች ትንሽ ስህተት እየተጠራቀመች ስለምትሄድ፣ ከሳምንታት በኋላ ድምሩ ከእውነቱ ይርቃል። ስለዚህ መኪናው ቆሞ ሲያርፍ የባትሪውን ቮልቴጅ አይቶ ሒሳቡን ያርማል።

እዚህ ላይ የባትሪው ዓይነት ለውጥ ያመጣል። ወደ አገራችን ከሚገቡት የቻይና መኪናዎች ብዙዎቹ የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ አላቸው። ጠንካራና ዕድሜው ረጅም የሆነ ባትሪ ነው፤ እኔም ምርጫ ቢሰጠኝ ለእኛ አገር እርሱን እመርጣለሁ። ሆኖም ከ80 በመቶ እስከ 30 በመቶ ድረስ ቮልቴጁ እምብዛም አይለወጥም። ለማረም የሚፈልገው መኪና ቮልቴጁን ቢያየውም ብዙ አይነግረውም። ሁልጊዜ ከ40 እስከ 80 በመቶ መካከል ብቻ የሚሞላና የሚነዳ ሰው አንድ ቀን 15 በመቶ ሲያሳየው የነበረው መኪና በድንገት ወደ 9 ቢወርድበት ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ቮልቴጁ በግልጽ መውረድ ሲጀምር ሒሳቡ በአንድ ጊዜ ተስተካከለ። መፍትሔውም ቀላል ነው፤ የዚህ ዓይነት ባትሪ ያለው ሰው በየጊዜው፣ ብዙዎቹ አምራቾች እንደሚመክሩት በሳምንት አንድ ቀን ያህል፣ እስከ 100 በመቶ ሞልቶ መኪናው ሙሉ መሆኑን እንዲያውቅ ያድርገው።

ሁለተኛው በር ግን ሰፊ ነው፤ የወሎን ሰው የሚያስቸግረውም እርሱ ነው። መኪናው የሚመጣውን ኪሎ ሜትር ፍጆታ ከየት ያውቃል? አንዳንዱ መኪና ከፋብሪካ የተሰጠውን ቋሚ ቁጥር ብቻ ይጠቀማል። የቻይናው የሙከራ ሥርዓት አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በታች ነው፤ ቀስ ብሎ የሚሄድና ብዙ የሚቆም የከተማ መኪናን የሚመስል ሙከራ ነው። ዳገት ደግሞ በሙከራው ውስጥ የለም። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ «500 ኪሎ ሜትር» ተብሎ የተጻፈውን እዚህ አገር አቋራጭ መንገድ ላይ መጠበቅ አይገባም። ሌላው ዓይነት መኪና ደግሞ በቅርብ የነዳችሁትን ኪሎ ሜትሮች አማካይ ፍጆታ ይወስዳል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አንድ ሳምንት ተከታተሉት፤ በተመሳሳይ መቶኛ ሁልጊዜ ተመሳሳይ ኪሎ ሜትር የሚያሳይ ከሆነ ቋሚ ቁጥር ነው የሚጠቀመው። አንዳንዶቹ መኪናዎች በቅንብራቸው ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው መቀየሪያ አላቸው።

ያለፈውን የሚያየው ስሌት ይሻላል፤ ሜዳ አገር ላይ ጥሩ ይሠራል። ትናንት የተነዳው መንገድ ነገ ከሚነዳው ጋር ይመሳሰላልና። ደሴ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ከሚሴ 1,450 ሜትር ገደማ ናቸው። መኪናው ያለፈውን መንገድ አይቶ የሚመጣውን ሲገምት፣ ቁልቁለቱን አይቶ ዳገቱን እየገመተ ነው።

አንድ ጉዞ በቁጥር እንሥራ። ሰዎቹን ጨምሮ 1,800 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ 50 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ያለው መካከለኛ መኪና እንውሰድ። ቁጥሮቹን አቀራርቤያለሁ፤ መኪና ከመኪና ይለያያል፣ መጠኑ ግን ይኸው ነው።

ይህን መኪና 100 ሜትር ከፍታ ለማውጣት፣ በሞተሩና በማስተላለፊያው የሚባክነውን ጨምሮ፣ ከባትሪው 0.56 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይወጣል። 100 ሜትር ሲወርድ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ 0.37 ያህሉን ይመልሳል። በሜዳ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲሄድ ደግሞ በ100 ኪሎ ሜትር 11 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላል። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ካስተያያችሁ አንድ በቃል የሚያዝ ልክ ታገኛላችሁ፤ እያንዳንዱ 100 ሜትር ዳገት በሜዳ 5 ኪሎ ሜትር ተጨማሪ እንደ መንዳት ነው። ከዚህ አዳራሽ ሌላ ምንም ባትይዙ ይህችን ያዙልኝ።

አሁን ጉዞው። ባለቤቱ ደሴ ከተማ ውስጥ ሲመላለስ ሰንብቷል፤ አጭር መንገድ፣ ማቆምና መነሣት፣ ጠዋት ጠዋት ማሞቂያ። አማካይ ፍጆታው በ100 ኪሎ ሜትር 14 ነው። ባትሪው 40 በመቶ፣ ማለትም 20 ኪሎዋት ሰዓት አለው። ዳሽቦርዱ 143 ኪሎ ሜትር ይላል። ከሚሴ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ደርሶ መልስ 150። «ትንሽ ይጎድላል፣ እዚያ ደርሼ አየዋለሁ» ብሎ ይነሣል።

ሲወርድ ለመንገዱ 8.25 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልገዋል፤ 1,050 ሜትር ሲወርድ ግን 3.9 ያህሉን ቁልቁለቱ ይመልስለታል። ስለዚህ ከሚሴ ሲደርስ የበላው 4.4 ብቻ ነው። ባትሪው 31 በመቶ ላይ ነው፣ 15.6 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። መኪናው የመጨረሻዎቹን 100 ኪሎ ሜትሮች አማካይ የሚወስድ ከሆነ፣ 75 ኪሎ ሜትር ቁልቁለትንና 25 ኪሎ ሜትር የደሴ ከተማን ደባልቆ በ100 ኪሎ ሜትር 7.9 ይወጣለታል። 15.6 ለዚህ ሲካፈል 197 ኪሎ ሜትር ይሆናል!

ነገሩን ልብ በሉልኝ። ሰውየው 75 ኪሎ ሜትር ነድቶ ቀሪው ርቀት ከ143 ወደ 197 ከፍ ብሏል። ቤቱ 75 ኪሎ ሜትር ነው የሚርቀው። ቻርጅ ለማድረግ ያሰበውም ይተወዋል፤ ማን ይፈርድበታል? ለመመለሻው ግን የሚያስፈልገው 8.25 ለመንገዱ፣ 5.9 ለዳገቱ፣ በድምሩ ከ14 በላይ ኪሎዋት ሰዓት ነው። 15.6 ነው ያለው። ምንም ሳያጠፋ፣ በ80 እየነዳ፣ ምንም ሳያበራ ቢመለስ ደሴ የሚገባው 3 በመቶ ይዞ ነው።

ወደ ኮምቦልቻ ሲመለስ ምን እንደሚያይም ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ውሳኔው ያለው እዚያ ነው። ኮምቦልቻ ሲደርስ 7.9 ኪሎዋት ሰዓት፣ 16 በመቶ ይቀረዋል። የመጨረሻዎቹ 100 ኪሎ ሜትሮች ግማሹ ወደ ከሚሴ የወረደባቸው፣ ግማሹ የተመለሰባቸው ስለሆኑ አማካዩ 11.8 ነው፤ ዳሽቦርዱም 67 ኪሎ ሜትር ይጽፋል። ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ናት። ከሁለት እጥፍ በላይ አለኝ ብሎ ያልፋል። በእኛ ልክ ስናሰላው ግን 650 ሜትር ዳገት በሜዳ ከ32 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ 25 ሲጨመርበት 58 ይሆናል። 67 ይዞ ወደ 58 ነው የሚሄደው እንጂ ወደ 25 አይደለም። ሐረጎ ላይ መጠማዘዝ ሲጀምር ፍጆታው በ100 ኪሎ ሜትር ወደ 26 ይወጣል፤ ቁጥሩም ዓይኑ እያየ ይረግፋል።

ስለዚህ ዳገት ከመጀመራችሁ በፊት ኪሎ ሜትሩን ትታችሁ መቶኛውን እዩ። ለዚህ መኪና ከኮምቦልቻ ደሴ 13 በመቶ ይበላል። ለእናንተ መኪና ስንት እንደሚበላ አንድ ጊዜ ሙሉውን መንገድ ወጥታችሁ ጻፉት፤ ከዚያ በኋላ ከማንኛውም ዳሽቦርድ የበለጠ ታውቃላችሁ። ቢጎድልስ? በተራ የቤት ሶኬት በ10 አምፔር ሁለት ሰዓት መሙላት ወደ 4 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል። ይህ የ700 ሜትር ከፍታ ዋጋ ነው። ኮምቦልቻ ዘመድ ቤት ቡና እስኪጠጣ ድረስ መሰካት ሐረጎን ለመውጣት የሚያስፈልገውን ትርፍ ይሰጣችኋል።

ወደ ፍጥነት ልለፍ፤ በዚያው ጉዞ ላይ። መኪና በሜዳ ሲሄድ ሁለት ነገር ይይዘዋል፤ ጎማው ከመንገዱ ጋር ያለው ሰበቃ እና አየሩ። የጎማው ሰበቃ በፍጥነት ብዙም አይለወጥም። ጎማው ካልተነፋ ግን ይጨምራል፤ ጎሚስታ ጋ በወር አንድ ጊዜ ማስለካት ለዚህ ነው። አየሩ ግን በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የአየሩ ተቃውሞ አራት እጥፍ ይሆናል። ለዚሁ መኪና በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በ100 ኪሎ ሜትር 9፣ በ80 ፍጥነት 11፣ በ100 ፍጥነት 14 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይወጣል። ከኮምቦልቻ ከሚሴ ያለውን 50 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በ80 ፋንታ በ100 የነዳ ሰው 7 ደቂቃ ተኩል ያተርፍና 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ይከፍላል። ይህ 270 ሜትር ዳገት ነው። ከሚሴ 15.6 ይዞ የተነሣው ሰውዬ በመመለሻው ላይ በ100 ቢነዳ ትርፉ ሁሉ እዚያ ሜዳ ላይ ያልቃል።

የነዳጅ መኪና የለመደ ሰው ይህ ግራ ይገባዋል። የነዳጅ ሞተር በዝግታም ቢሄድ ብዙ ነዳጅ በሙቀት ያባክናል፤ ስለዚህ የፍጥነቱ ጉዳት ያን ያህል አይታይም። የኤሌክትሪክ ሞተር የሚያባክነው ጥቂት ስለሆነ የአየሩ ድርሻ ጎልቶ ይወጣል። በነገራችን ላይ እኛ በዚህ የታደልን ነን፤ በደሴ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በሩብ ገደማ የሳሳ ስለሆነ ተቃውሞው ይቀንሳል። ወደ ቆላው በወረድን ቁጥር ይህ ጥቅም እየጠፋ ይሄዳል።

ሙቀትና ብርድ ሁለት ነገር ያደርጋሉ። አንደኛው ባትሪው ራሱ ላይ ነው። ማር በብርድ እንደሚጠጥር ሁሉ፣ በባትሪው ውስጥ ያለው እንቅስቃሴም በብርድ ይዘገያል፤ ውስጣዊ ተቃውሞው ይጨምርና ከሚወጣው ኃይል ጥቂቱ እዚያው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። የደሴ ብርድ የሰሜን አውሮፓ ክረምት አይደለም፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውጭ ያደረ መኪና ግን ጠዋት ላይ ይህን ያሳያል። በተለይ የሚታወቀው ፔዳሉን ስትለቁ ነው፤ የቀዘቀዘ ባትሪ ቶሎ መሞላት ስለማይችል መኪናው ከቁልቁለት የሚመልሰውን ኃይል ይገድበዋል።

ሁለተኛው፣ እዚህ አገር የሚበልጠው፣ ለእኛ ለተሳፋሪዎች የሚውለው ነው። በነዳጅ መኪና ማሞቂያው ከሞተሩ የሚባክን ሙቀት ስለሚጠቀም በነፃ ነበር። በኤሌክትሪክ መኪና ከባትሪው ይወጣል፤ ተራው ማሞቂያ 2 ኪሎዋት ቢወስድና በከተማ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ብንሄድ፣ በ100 ኪሎ ሜትር ከ6 በላይ ኪሎዋት ሰዓት ይጨምራል። በ60 ብንሄድ ግማሹን ብቻ ይጨምራል። ማሞቂያው የሚቆጥረው ሰዓትን እንጂ ኪሎ ሜትርን አይደለም። ለዚህ ነው ደሴ ከተማ ውስጥ የሚውል መኪና ጠዋት ብዙ የሚበላው። የወንበር ማሞቂያ ያለው ሰው እርሱን ይጠቀም፤ የሚወስደው በጣም ጥቂት ነው። ከሚሴ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል፤ ማቀዝቀዣው 1 ኪሎዋት ያህል ቢወስድና መመለሻው ወደ ሁለት ሰዓት ቢፈጅ፣ ከ1.5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ያ ሰውዬ የነበረው ትርፍ 1.5 ነበር። ማቀዝቀዣውን ሳያጠፋ ከወጣ፣ የሚቆመው ደሴ መግቢያው አጠገብ፣ ዳገቱ ላይ ነው።

ከዚህ ላይ ከተሰብሳቢው መካከል አንድ አንጋፋ የጭነት መኪና አሽከርካሪ ጠየቁኝ። «እኛ ሐረጎን ስንወርድ ነዳጅ ለመቆጠብ በፎሌ የምንለቅ ነበርን። በዚህኛው መኪናስ ይሻላል?»

ጋሼ፣ በየትኛውም መኪና ቁልቁለት ላይ በፎሌ መውረድ አደገኛ ነው፤ ይህን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። በኤሌክትሪክ መኪና ግን ከአደጋውም ሌላ ኪሳራ ነው። ማርሹ ነፃ ላይ ሲሆን ሞተሩ አያመነጭም፤ ቁልቁለቱ ይመልስ የነበረው 0.37 አይገኝም። ዲ ላይ ትቶ፣ ኃይል የመመለሱን መጠን ከፍ አድርጎ፣ ፔዳሉን ለቀቅ አድርጎ መውረድ ነው። ፍሬኑን በዝግታ ቢረግጡትም አብዛኛው መኪና መጀመሪያ በሞተሩ ነው የሚይዘው፤ በድንገት ሲረገጥ ነው ሸራውን የሚጠቀመው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ከደሴ ባትሪውን 100 በመቶ ሞልተው ከወረዱ፣ የሚመለሰው ኃይል የሚገባበት ቦታ የለም። መኪናው መመለሱን ይቀንሰዋል ወይም ያቆመዋል፤ እግርዎ የለመደው የመያዝ ስሜት ይጠፋና መኪናው ካሰቡት በላይ ይሸሻል። የሚይዘው ሸራው ብቻ ስለሆነም ይግላል። ለሳምንታዊው ሙሉ ሙሌት ሜዳ ላይ የምትውሉበትን ቀን ምረጡ፤ በማግሥቱ ቁልቁለት ካለ 90 በመቶ ላይ ማቆም ይበቃል።

አንዲት ወጣት ደግሞ ከ10 በመቶ በታች ያለውን ኪሎ ሜትር ማመን ይቻል እንደሆነ ጠየቀች። በሜዳ ላይ በጥንቃቄ ይቻላል፤ ዳገት ላይ ግን አይቻልም፣ ምክንያቱ ደግሞ ስሌቱ ብቻ አይደለም። ባትሪው ሊያልቅ ሲል ቮልቴጁ ዝቅ ብሏል፤ ዳገት ብዙ ኃይል በአንድ ጊዜ ሲጠይቀው ይበልጥ ይወርዳል። መኪናው ባትሪውን ለመጠበቅ ሲል የሞተሩን አቅም ይገድባል። ብዙዎቹ መኪናዎች ይህን በኤሊ ምልክት ያሳያሉ። ኤሊዋን ያየ ሰው ገና ጥቂት ኪሎ ሜትር ሊኖረው ይችላል፤ ነገር ግን ከባድ መኪና እየተከተለው ጠመዝማዛ ዳገት ላይ በእግር ፍጥነት መሄድ ስላለበት፣ መኪናውን ከመንገዱ ዳር የሚያስቆምበት ሰፊ ቦታ እንዳየ እዚያው ይቁም። ኮምቦልቻ ላይ ከ20 በመቶ በታች ሆና የደረሰች መኪና መጀመሪያ ትሰካ፣ ከዚያ ዳገቱን ትውጣ።